መኪናዋ ቆማም ትበላለች

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው ከደላላውም፣ ከዘመዱም፣ ከሥራ ባልደረባውም የሚሰማው ምክር አንድ ዓይነት ነው። «መኪና ግዛ፤ ገንዘብህ አይጠፋም» ይሉታል። ማስረጃው ደግሞ ሩቅ አይደለም። ከአምስት ስድስት ዓመት በፊት ቪትዝ የገዛ ጎረቤት ዛሬ ቢሸጣት ከገዛበት ብዙ አስበልጦ ያገኛል። በሌላው ዓለም መኪና ከመሸጫው ግቢ ከወጣችበት ዕለት ጀምሮ ዋጋዋ እየወረደ ይሄዳል፤ እኛ ዘንድ ግን አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት የሠራች መኪና እያረጀች ትወደዳለች።

ነገሩ እውነት ነው፤ ምክንያቱን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ። ስድስት ወር ቆይቶ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። መኪናዋ ጋራዥ ስትመላለስ፣ ቀለሟ ሲገረጣ፣ ወንበሯ ሲያረጅ ዋጋዋ የጨመረው በእነዚህ ምክንያቶች ነው። ሦስቱም በየዓመቱ የሚደጋገሙ አይደሉም። ከዚህም ሌላ፣ መኪናውን ሸጦ ሌላ መኪና የሚገዛ ሰው ያገኘውን ትርፍ መልሶ ለገበያው ያስረክባል፤ የሸጠው ሲወደድ የሚገዛውም ተወድዶ ይጠብቀዋል። አሁን ደግሞ መንገዱን እየሞሉ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች የአሮጌዎቹን ዋጋ በሌላ በኩል ይገፉታል።

ችግሩ «ገንዘብህ አይጠፋም» የሚለው ቃል ሌላውን ሒሳብ ሁሉ መሸፈኑ ነው። የመግዣው ገንዘብ ተመልሶ ይመጣል ብሎ ያመነ ሰው የማይመለሰውን ገንዘብ አይቆጥርም። የማይመለሰው ደግሞ ከኪስ የሚወጣው በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ ዛሬ ቤንዚን፣ ከነገ ወዲያ ጎሚስታ፣ በወሩ መጨረሻ መካኒክ፣ በዓመቱ ኢንሹራንስና ቦሎ። አንድ ላይ ተደምሮ ስለማይታይ «መኪናዬ በወር ይህን ያህል ትፈጃለች» ብሎ በልበ ሙሉነት የሚናገር ባለመኪና ብዙ አይገኝም። ቢናገርም የሚጠራው የቤንዚኑን ብቻ ነው።

እስቲ አንድ ቤተሰብ እናስብ። ባልና ሚስት ከአንድ ልጃቸው ጋር አያት አካባቢ ይኖራሉ። እሱ የሚሠራው ሜክሲኮ፣ እሷ መገናኛ ነው። ልጃቸው እዚያው ሰፈር ይማራል፤ የሚመላለሰውም በትምህርት ቤት ሰርቪስ ነው። በ1,800,000 ብር ቪትዝ ገዙ እንበል። ከዚህ በኋላ ያሉት የብር ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ የተጠጋጉ ግምቶች ናቸው፤ አንባቢ የራሱን ሰፈርና የሰሞኑን ዋጋ እያስገባ ሊያስተካክላቸው ይችላል። የስሌቱ አካሄድ ግን ያው ነው።

ገና ሳይነዷት የሚከፈል አለ። ደላላው ከሻጭም ከገዢም 2 በመቶ የሚጠይቅበት ልማድ ስላለ ለእሱ ብቻ 36,000 ብር ይወጣል። የስም ማዛወሪያውና የቴምብር ቀረጡ ይከተላል። ከዚያ የመጀመሪያው የጋራዥ ጉብኝት ይመጣል፤ ሊሸጥ ያሰበ ሰው ዘይትም ጎማም አይቀይርምና፣ የተላለፈው ጥገና ሁሉ ለአዲሱ ባለቤት ይወረሳል። የሞተርና የካምቢዮ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ፣ አንዳንዴም አራቱም ጎማ በአንድ ሰሞን ይጠየቃል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ትንሽ ቁጥር ማሳየቱ እዚህ ላይ ዋስትና አይሆንም፤ ቆጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል። የፍሬን መርገጫው ጎማ አልቆ፣ መሪው በእጅ ብዛት ተልጦ፣ የሾፌሩ ወንበር በበሩ በኩል ረግቦ ቆጣሪው 70,000 የሚል ከሆነ፣ ማመን የሚሻለው ወንበሩን ነው። ይህን የመጀመሪያ ወጪ በወርሃዊው ሒሳብ ውስጥ አላስገባሁትም፤ ገዢው ግን ከመኪናዋ ዋጋ ሌላ መቶ ሺህ ብር አካባቢ በእጁ ሳይዝ ባይዋዋል ይሻለዋል።

አሁን ወደ ወሩ እንምጣ። ከአያት ሜክሲኮ ደርሶ መልስ 32 ኪሎ ሜትር ብንል፣ በ22 የሥራ ቀን 700 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለቅዳሜና እሑድ 200 ብንጨምርበት 900። ቪትዝ በጃፓን መንገድ በአንድ ሊትር ሃያ ኪሎ ሜትር ትሄድ ይሆናል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ይህን መጠበቅ የዋህነት ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የማያንስ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል፤ ዳገት ላይም አብዝቶ ይረገጣል። የመገናኛና የሜክሲኮ የጠዋት መጨናነቅ ይጨመርበታል፤ ቆሞ የሚዞር ሞተር ኪሎ ሜትር ሳይቆጥር ይጠጣል። እናም በሊትር 10 ኪሎ ሜትር እንያዝላት። ትክክለኛውን ማወቅ የፈለገ ታንኳውን ሞልቶ ቆጣሪውን ይመዝግብ፤ ጥቂት ቀን ነድቶ እንደገና ይሙላና የሄደውን ኪሎ ሜትር ሁለተኛ በገባው ሊትር ያካፍል። ታንኳው ሁለቱንም ጊዜ ጢም ብሎ ካልሞላ ሒሳቡ ዋጋ የለውም።

በ10 ኪሎ ሜትር ስሌት በወር 90 ሊትር ያስፈልጋል። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ከመጀመሩ በፊት አንድ ሊትር ቤንዚን ከ40 ብር በታች ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ 100 ብርን አለፈ፤ ከዚያም አልቆመም። ለስሌታችን 120 ብር ብንይዝ ወጪው 10,800 ብር ይሆናል። ብዙ ሰው «መኪናዬ በወር አሥር ሺህ ትፈጃለች» የሚለው ይህችን ይዞ ነው።

ቤንዚኑ ግን ከግማሽ በታች ነው። ሌላውን ስንዘረዝር ይታያል። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ የሚቀየረው የሞተር ዘይት ከፊልትሮውና ከእጅ ዋጋው ጋር 5,500 ብር ቢሆን፣ ወደ ወር ሲመነዘር 1,000 ብር ገደማ ይመጣል። አራት ጎማ በ30,000 ብር ተገዝቶ 40,000 ኪሎ ሜትር ቢያገለግል በወር 700 ብር ያህል ይነካል። ባትሪ በሦስት ዓመት አንዴ ስለሚቀየር በወር 330 ብር ብንይዝለት ይበቃል። ኢንሹራንስ፣ ሙሉ ሽፋን ከሆነ፣ በመኪናዋ ዋጋ 2.5 በመቶ ስናሰላ በዓመት 45,000፣ በወር 3,750 ብር ነው። ለዓመታዊ ምርመራና ለቦሎ 500፣ ለፓርኪንግ፣ ለላቫጆና ለጥበቃ በአንድነት 2,500 ብር እንያዝ።

ጥገና ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ራሱን በብዛት የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። ባለመኪና ጥገናን እንደ ድንገተኛ አደጋ ይቆጥረዋል። «ዘንድሮ አሞርዛተር ተቀየረላት እንጂ ምንም ወጪ የለባትም» ይላል። አምና ኩሽኔታ ነበር፤ ካቻምና ራዲያተር። በየዓመቱ ስሙ ይለያይ እንጂ በየዓመቱ አለ። በሰፈር ውስጥ ኮብልስቶን ላይ የምትንገጫገጭ፣ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ በየመቶ ሜትሩ የምትዘል መኪና የእግሯ ዕቃ ቶሎ ይሄዳል፤ ቴስቲናው ይላላል፣ የአሞርዛተሩ ዘይት ያፈስሳል፣ ጎማውም በአንድ ጎኑ ተበልቶ ያልቃል። ዕቃው ተፈልጎ ሶማሌ ተራ ሲኬድ ደግሞ ምርጫው ሦስት ነው፤ ኦርጅናሉ፣ ኮፒው፣ ወይም ከሌላ መኪና የተፈታው። ኮፒው በግማሽ ዋጋ ይገዛል፤ በስድስት ወሩ እንደገና ከተቀየረ ግን የእጅ ዋጋው ሁለት ጊዜ ተከፍሏል፤ መኪናዋም ሁለት ጊዜ ጋራዥ አድራለች። ለዚህ ሁሉ በወር 3,000 ብር ብንመድብ ለጋስ አልሆንም። ከዚህ ለይተን ደግሞ ለትልቁ ነገር 1,500 ብር እናስቀምጥ። ሃያ ዓመት የቀረባት መኪና አንድ ቀን ሞተሯ ይወርዳል ወይም ካምቢዮዋ ይታመማል። በተለይ ሲቪቲ የሚባለው አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላት መኪና የራሱ የተለየ ዘይት ያስፈልጋታል፤ ተራ የካምቢዮ ዘይት የተሞላላት ለጊዜው ትሄዳለች፣ ቆይታ መንቀጥቀጥና ዳገት ላይ መለገም ትጀምራለች። ያኔ የሚጠየቀው ገንዘብ በዘይት ልዩነቱ ከተረፈው ጋር አይወዳደርም።

ስለ ኢንሹራንስም አንድ ነገር መነገር አለበት። የሦስተኛ ወገን ሽፋን በሕግ ግዴታ ነው፤ እሱ የሚከፍለው ግን ሌላው ሰው ላይ ለደረሰው ጉዳት እንጂ ለራስ መኪና አይደለም። ሙሉ ሽፋን የገቡት ደግሞ ሌላ ወጥመድ ውስጥ ይወድቃሉ። መኪናዋን ድሮ በ600,000 ብር ገዝተው፣ ውሉን በየዓመቱ በዚያው ዋጋ እያደሱ የሚቀጥሉ አሉ፤ ዓረቦኑ ዝቅ ስለሚል ያተረፉ ይመስላቸዋል። ዛሬ መኪናዋ 1,800,000 ብር ብታወጣና 90,000 ብር የሚጠይቅ ግጭት ቢደርስ፣ ኩባንያው መኪናዋ የተሸፈነችው በዋጋዋ ሲሶ ብቻ ነው ብሎ 30,000 ብር ሊከፍል ይችላል፤ ከዚያም ላይ በውሉ የተጻፈው ተቀናሽ ይነሳል። የመኪና ዋጋ መጨመር ያመጣው ይህ ወጪ በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው ከግጭት በኋላ ነው።

እንደምረው። ቤንዚን 10,800፣ ዘይት 1,000፣ ጎማ 700፣ ባትሪ 330፣ ጥገና 3,000፣ ለትልቁ ጥገና የሚቀመጥ 1,500፣ ኢንሹራንስ 3,750፣ ቦሎ 500፣ ፓርኪንግና ላቫጆ 2,500፤ በድምሩ 24,080 ብር። አንዱ ኪሎ ሜትር 27 ብር ገደማ ማለት ነው። የልጁ ሰርቪስ እዚህ ውስጥ የለም፤ መኪና ስለተገዛ አይቀርምና። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲወጣ መኪናዋ ሜክሲኮ ቆማለች። «ልጁን እያመላለስኩ ሰርቪስ እቆጥባለሁ» ብሎ የገዛ ወላጅ ይህን የሚያየው በመጀመሪያው ሳምንት ነው።

አንድ የቀረ አለ፤ የቆመው ገንዘብ። 1,800,000 ብር ባንክ ቢቀመጥ፣ በዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ በ7 በመቶ እንኳ በዓመት 126,000፣ በወር 10,500 ብር ያመጣ ነበር። ይህን ከጨመርን የመኪናዋ ወርሃዊ ወጪ 34,580 ይደርሳል። «መኪናዋ እኮ ከወለዱ በላይ ትጨምራለች» የሚል ሰው ይህን መስመር ሊሰርዘው ይችላል፤ ያኔ ግን በመጪዎቹ ዓመታት ዋጋ ላይ እየተወራረደ መሆኑን ይወቅ። ከባንክ ተበድሮ የገዛ ግን የመሰረዝ መብት የለውም፤ የእሱ ወለድ ከቁጠባው በእጅጉ የሚበልጥ ነው፤ በየወሩም በእውነት ይከፈላል።

ይኸው ቤተሰብ ያለ መኪና ሲኖር ምን ያወጣል? ከአያት መገናኛ በሚኒባስ 20 ብር፣ ከመገናኛ ሜክሲኮ ሌላ 20 ብር ብንል፣ ባል በቀን 80፣ ሚስት 40 ብር ያወጣሉ፤ በወር ሁለቱም ተደምረው 2,640 ብር። በከተማ አውቶቡስ ወይም ከአያት ተነስቶ በመገናኛና በሜክሲኮ በሚያልፈው ቀላል ባቡር ከሄዱ ከዚህም ያንሳል፤ ወረፋውንና ግፊያውን ለቻለ። ለቅዳሜና እሑድ መኪናዋ ትሄደው የነበረውን 200 ኪሎ ሜትር በራይድ፣ በፈረስ ወይም በያንጎ ይሂዱ። አንዱን የ16 ኪሎ ሜትር ጉዞ በ500 ብር ብናስበው፣ አሥራ ሁለት ጉዞ 6,000 ብር ይሆናል። ዝናብ ለጣለበት፣ ልጅ ለታመመበት፣ ሥራ ላመሸበት ቀን ስድስት ተጨማሪ ጉዞ፣ 3,000 ብር። ድምሩ 11,640 ብር፤ ከመኪናዋ ወጪ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ከሚኒባስ ጋር ውድድር የለም። የሚኒባስ ወንበር በኪሎ ሜትር ሁለት ብር ተኩል ገደማ ነው፤ የቪትዟ ቤንዚን ብቻ 12 ብር። አምስት ሰው ጭና ብትሄድ ቤንዚኗን ብቻ ትስተካከላለች፤ ጎማውና ዘይቱ ገና አልተነሳም። ስለዚህ መኪናን ከሚኒባስ ጋር በገንዘብ አመዛዝኖ የገዛ ሰው ካለ፣ ሒሳቡ ላይ አንድ ነገር ዘሏል። መኪና የሚገዛው ለሌላ ነው፤ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሰልፍ ላለመቆም፣ ወያላ «ሞልቷል» ሲል ክረምት ላይ ላለመበስበስ፣ አሮጊት እናትን ሐኪም ቤት ለማድረስ። እነዚህ ተገቢ ምክንያቶች ናቸው። በዚህ ቤተሰብ ሒሳብ ዋጋቸው በወር 12,000 ብር ያህል ነው፤ የቆመውን ገንዘብ ከቆጠርን ከ20,000 በላይ። ከዚህ ላይ ደግሞ መኪና ጊዜ ትቆጥባለች የሚባለው በከፊል ብቻ እውነት ነው፤ መገናኛ ላይ ሚኒባሱን የያዘው መጨናነቅ ቪትዟንም ይይዛታል፤ ጋራዥ የሚባክነውን ቅዳሜና ለቤንዚን ሰልፍ የሚሄደውን ጠዋት ደግሞ የሚቆጥር የለም።

እውነተኛው ፉክክር በስልክ ከሚጠራው ታክሲ ጋር ነው። ባልና ሚስቱ ጠዋትና ማታ አብረው በራይድ ቢመላለሱ፣ በቀን 1,000፣ በ22 ቀን 22,000፣ ከቅዳሜና እሑዱ ጋር 28,000 ብር ይወጣል። ይህ ከመኪናዋ የኪስ ወጪ በ4,000 ብር ይበልጣል፤ የቆመው ገንዘብ ሲቆጠር ግን በስድስት ሺህ ተኩል ያንሳል። ሰው ራይድን የቅንጦት፣ መኪናን የቁጠባ አድርጎ የሚያየው የራይዱ ሒሳብ በእያንዳንዱ ጉዞ መጨረሻ ስክሪን ላይ ስለሚመጣ ነው። ጠዋት በሚኒባስ፣ ማታ ደክሟቸው በራይድ ቢሆንስ? ለጠዋቱ 1,320፣ ለማታው 11,000፣ ለዕረፍት ቀኖቹ 6,000፤ 18,320 ብር። ለእኔ ከሁሉም አማራጮች የሚያዋጣው ይኸኛው ይመስለኛል፤ አያት ላይ ጠዋት ተራ መያዝ ከሜክሲኮ የማታ ሰልፍ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነውና።

ታዲያ መኪና ራይድን የምትረታው መቼ ነው? ወጪዋን ለሁለት መክፈል ነው። ኢንሹራንሱ፣ ቦሎው፣ ባትሪው፣ ፓርኪንግና ላቫጆው ተደምረው ወደ 7,000 ብር ይጠጋሉ፤ እነዚህ ብትሄድም ባትሄድም አይቀሩም። ቤንዚኑ፣ ዘይቱ፣ ጎማውና ጥገናው ግን በተሄደው ልክ ነው፤ በኪሎ ሜትር 19 ብር ገደማ። ራይድ በኪሎ ሜትር 31 ብር ነው። እያንዳንዱ ተጨማሪ ኪሎ ሜትር በመኪና ሲሄድ 12 ብር ይተርፋል ማለት ነው፤ ትርፉ መጀመሪያ ያንን ቋሚ ወጪ መሸፈን አለበት። ይህም በወር ከ570 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳትን ይጠይቃል። የቆመውን ገንዘብ ከጨመርንበት ከ1,400 በላይ። የእኛ ቤተሰብ 900 ላይ በመሆኑ ከሁለቱ መሀል ወድቋል፤ ሚዛኑን የሚደፋው በዋጋ ጭማሪው ማመን አለማመናቸው ነው። ከቢሮው አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖርና መኪናውን የሚነዳው በሳምንት ሦስት ቀን የሆነ ሰው ግን በየትኛውም ስሌት አያዋጣውም። በአንጻሩ ከለገጣፎ ወይም ከገላን ተነስቶ አራት ሆኖ የሚመላለስ ቤተሰብ፣ ወይም በቀን አምስት ቦታ የሚዞር የሽያጭ ሠራተኛ፣ ቁጥሮቹ ከመኪናዋ ጋር ይቆማሉ።

ባለመኪና ለሆነ ሰው የራሱን ቁጥር ማግኘት ከባድ አይደለም። የነዳጅ ክፍያ በቴሌብር ስለሆነ ያለፉት ወራት የቤንዚን ወጪ በስልኩ ታሪክ ውስጥ ተመዝግቧል፤ የጋራዡን መካኒክ ደግሞ በዓመት ምን ምን እንደቀየረ መጠየቅ ነው። ገና ሊገዛ ያሰበው ደግሞ ከመግዛቱ በፊት ለሦስት ወር በየወሩ 24,000 ብር ለብቻ ያስቀምጥ፤ ሚኒባሱንም ራይዱንም ከዚያው ላይ ይክፈል። በሦስተኛው ወር መጨረሻ የተረፈው ገንዘብ መኪናዋ ብትገዛ ኖሮ ከኪሱ የሚወጣው ልዩነት ነው፤ ገንዘቡን ማስቀመጥ ካቃተው ደግሞ የመግዣው ዋጋ ቢሞላለትም የመያዣው አልሞላለትም።